ስቲኩ ተለቆ ገጸ ባሕርዩ ለምን አልቆመም? የአንድ ሞሽን ማቺንግ ዳታቤዝ የጉዳይ ጥናት

አራት ሆነን በምንሠራው አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ አካሄድ ለአምስት ሳምንታት ያህል አስቸግሮን ነበር። ተጫዋቹ የመቆጣጠሪያውን ስቲክ ወደፊት ገፍቶ ገጸ ባሕርዩን ሲያስሮጥ እንቅስቃሴው ያማረ ነው፤ ስቲኩን በድንገት ሲለቅ ግን ገጸ ባሕርዩ ወዲያው ፍጥነቱን በመቀነስ ፈንታ አንድ ሙሉ የሩጫ እርምጃ ይጨምርና ከዚያ በኋላ ብቻ መቆም ይጀምራል። በዚያች አንድ እርምጃ ጊዜ እግሮቹ እየሮጡ አካሉ ግን ስለማይሄድ፣ በረዶ ላይ እንደሚሮጥ ሰው መሬቱ ላይ ይንሸራተታል። ጨዋታውን የሞከሩልን ሰዎች በአንድ ቃል «አይታዘዝም» አሉን። ችግሩ በስልተ ቀመሩ ሳይሆን ባዘጋጀነው ዳታቤዝና በመረጥናቸው ፊቸሮች ውስጥ እንደነበረ የደረስንበት ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ የደረስንበትን መንገድ በቅደም ተከተሉ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በተለመደው ስቴት ማሽን አኒሜተሩ «መቆም»፣ «መራመድ»፣ «መሮጥ» የሚባሉ ክሊፖችን አዘጋጅቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩባቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ በእጁ ይወስናል። በሞሽን ማቺንግ ግን ይህ ሁሉ የለም። አንድ ተዋናይ ሲንቀሳቀስ በሞሽን ካፕቸር የተቀዳው እንቅስቃሴ በሙሉ እንዳለ በዳታቤዝ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም በየጥቂት ፍሬሙ «አሁን ያለሁበትን ፖዝ የሚመስል፣ ከዚያም ቀጥሎ ተጫዋቹ ወደሚፈልገው አቅጣጫ የሚሄድ ፍሬም የትኛው ነው?» ብሎ ይፈልጋል። የተሻለ ካገኘ ወደዚያ ፍሬም ይዘላል፤ ካላገኘ የያዘውን መጫወት ይቀጥላል። ዝላዩ እንዳይታይ በሁለቱ ፖዞች መካከል ያለው ልዩነት ተይዞ በጥቂት የሰከንድ ክፍልፋዮች ውስጥ እንዲከስም ይደረጋል፤ ይህ ዘዴ ኢነርሺያላይዜሽን ይባላል። ሲሞን ክላቬት እ.ኤ.አ. በ2016 በጨዋታ አዘጋጆች ጉባኤ ላይ ካቀረበው ገለጻ በኋላ አሠራሩ በሰፊው ታወቀ፤ እኛም የተከተልነው ዳንኤል ሆልደንና ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጥናት የገለጹትን መሠረታዊ ቅርጽ ነው።

ፍለጋው የሚካሄደው በፖዙ ሁሉ ላይ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ፍሬም አስቀድሞ ተሰልተው በተቀመጡ ጥቂት ቁጥሮች ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ናቸው ፊቸር የሚባሉት። የእኛ ዝርዝር በመጨረሻ የሚከተለው ሆነ፤

```
left_foot_position      3
right_foot_position     3
left_foot_velocity      3
right_foot_velocity     3
hip_velocity            3
trajectory_position     6   (+20, +40, +60)
trajectory_direction    6   (+20, +40, +60)
                total  27
```

የመጀመሪያዎቹ 15 ቁጥሮች «አሁን ሰውነቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» የሚለውን፣ የመጨረሻዎቹ 12 ደግሞ «ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ይመልሳሉ። በሰከንድ 60 ፍሬም ስለምንሠራ የጉዞ መስመሩን የምንለካው ከሲሶ ሰከንድ፣ ከሁለት ሲሶ ሰከንድና ከአንድ ሰከንድ በኋላ ባሉት ነጥቦች ነው። ሁሉም ልኬቶች የሚወሰዱት ከገጸ ባሕርዩ አካል አንጻር ነው፤ ማለትም ተዋናዩ በአዳራሹ ውስጥ ወደየት ዞሮ እንደሮጠ ለፍለጋው ምንም ለውጥ አያመጣም።

መጀመሪያ ላይ ዝርዝሩ ከዚህ የረዘመ ነበር። የሁለቱን እጆች፣ የጭንቅላቱንና የጉልበቶቹን ቦታ ጨምረን ነበር፤ ምክንያታችንም ብዙ መረጃ ካለ ግጥሙ የተሻለ ይሆናል የሚል ነበር። ነገሩ ግን በተቃራኒው ሆነ። አሁን እየተጫወተ ያለው ክሊፕ ቀጣይ ፍሬም በፖዝ በኩል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ፣ የፖዝ ቁጥሮች በበዙ መጠን ባለበት የመቀጠል ዝንባሌው ይጠነክራል፤ ከጉዞ መስመሩ የሚመጣው የተጫዋቹ ፍላጎትም ይዋጣል። ለአካሄድ ሁለቱ እግሮችና ዳሌው ከበቂ በላይ ናቸው፤ እጆች በመራመድና በመሮጥ ጊዜ እግሮቹን ተከትለው ስለሚወዛወዙ እግሩ ከገጠመ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ። ተጨማሪዎቹን አውጥተን ስንሞክረው ገጸ ባሕርዩ ለመዞር ፈጣን ሆነ። አለመቆሙ ግን ቀጠለ።

ቀጥለን የያዝነው ጥርጣሬ የቁጥሮቹን ሚዛን የሚመለከት ነበር። የእግር ቦታ በሜትር፣ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ስለሚለካ፣ እንዳሉ ቢደመሩ ትልቅ ቁጥር ያለው ፊቸር ሌላውን ይጫነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር በአማካዩ ተቀንሶ በመደበኛ ልይይቱ ይካፈላል። እኛ ይህን ያደረግነው ለ27ቱም ቁጥሮች ለየብቻ ነበር፤ ስህተታችንም እዚያ ላይ ነበር። የዳሌን ፍጥነት እንውሰድ። ወደፊት ያለው አካል ከቆመ ሰው እስከ ሯጭ ስለሚለያይ በእኛ ዳታ ልይይቱ 1.6 ሜትር በሰከንድ ነበር፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ግን በእርምጃ ጊዜ የሚታይ ትንሽ ንዝረት ብቻ ስለሆነ 0.2 ነበር። ሁለቱ ለየብቻ ሲካፈሉ የዚያ ትንሽ ንዝረት ልዩነት ስምንት እጥፍ ጎልቶ ይታያል። በዚህም ምክንያት ፍለጋው ዳሌው በትክክል በተመሳሳይ ፍጥነት እየወጣ ወይም እየወረደ ያለበትን ፍሬም ካላገኘ መዝለል አይወድም ነበር። ይህ ሲሆን የሚታየው ምልክት ስቲኩ በእርምጃው መካከል በየትኛው ቅጽበት እንደተለቀቀ እየታየ የመልሱ መዘግየት መለያየቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ወዲያው ይመልሳል፣ ሌላ ጊዜ ሩብ ሰከንድ ይቆያል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ፊቸርን የሚሠሩት ሦስቱ ቁጥሮች በየግል ልይይታቸው ሳይሆን በሦስቱ አማካይ ልይይት አብረው ይካፈላሉ። እንዲህ ስናደርግ መዘግየቱ ተመሳሳይ ሆነ፤ ያች አንዲት ትርፍ እርምጃ ግን አሁንም አለች።

እዚህ ላይ ስንደርስ የፊቸሮቹን ክብደት ከፍና ዝቅ እያደረጉ መሞከሩን ትተን ፍለጋው በእርግጥ የትኛውን ፍሬም እንደሚመርጥ ለማየት ወሰንን። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብን። በእያንዳንዱ ዝላይ የተመረጠውን ክሊፕ ስምና ከክሊፑ መጨረሻ በፊት የቀሩትን ፍሬሞች ብዛት እንዲጽፍ አደረግን። በ4 ሜትር በሰከንድ ሮጠን ስቲኩን ስንለቅ የወጣው ይህ ነው፤

```
t=0.00   run_07    left=9
t=0.15   run_31    left=7
t=0.27   run_12    left=6
t=0.37   stop_03   left=140
```

የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ስናይ ነገሩ ገባን። ተጫዋቹ እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ ፍለጋው የመረጠው የመቆም ክሊፕ ሳይሆን የሩጫ ክሊፕ መጨረሻ ነው። ዘጠኝ ፍሬም በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ ክሊፑ ያልቃል፣ እንደገና ይፈልጋል፣ ሌላ የሩጫ ክሊፕ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ሦስቱ ሲደመሩ 22 ፍሬም ይሆናሉ፤ በ4 ሜትር በሰከንድ ይህ ወደ 1.5 ሜትር ነው። ያች ትርፍ እርምጃ ይህችው ነበረች።

የሩጫ ክሊፕ መጨረሻ ስለምን የመቆምን ጥያቄ መለሰ? እያንዳንዱ ፍሬም ከ20፣ ከ40ና ከ60 ፍሬም በኋላ የት እንደሚደርስ መመዝገብ አለበት። ክሊፑ ሊያልቅ ዘጠኝ ፍሬም ሲቀረው ግን ያ መጪ ጊዜ በዳታው ውስጥ የለም። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ መጪው ጊዜ ባለቀበት ቦታ የመጨረሻውን ፍሬም ቦታ ይደግም ነበር። ስለዚህ ለዚያ ፍሬም ሦስቱም የመስመር ነጥቦች 0.6 ሜትር ላይ ተደራርበው ተመዝግበዋል፤ ይህ ደግሞ በቁጥር ቋንቋ «በፍጥነት እሮጣለሁ፣ ከ60 ሳንቲሜትር በኋላ ግን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ» ማለት ነው። ተጫዋቹ ስቲኩን ሲለቅ ፕሮግራሙ ያቀረበው ጥያቄም ነጥቦቹን 0.56፣ 0.58 እና 0.58 ሜትር ላይ ያደረገ ነበር። ፖዙም የሩጫ ፖዝ ስለሆነ ግጥሙ ፍጹም ነው። ፍለጋው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ውሸቱ ያለው በዳታው ውስጥ ነው።

ጉዳቱን ያባባሰው ዳታውን ያዘጋጀንበት ልማድ ነበር። ከስቴት ማሽን ዘመን የለመድነውን ይዘን፣ ተዋናዩ ያለማቋረጥ የሮጠባቸውን ረጃጅም ቅጂዎች «ንጹሕ» ወደምንላቸው 118 ክሊፖች ቆራርጠናቸው ነበር። የመጨረሻዎቹን አምስት ፍሬሞች ከፍለጋ ብናወጣም፣ በእያንዳንዱ ክሊፕ 55 ፍሬሞች ከሦስቱ የመስመር ነጥቦቻቸው ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነበር። በአጠቃላይ 6,490 ፍሬም ማለት ነው። ከ151,200 ፍሬም፣ ማለትም ከ42 ደቂቃ ዳታ ጋር ሲነጻጸር 4 ከመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ሐሰተኞቹ የሚገኙት ልክ ተጫዋቹ ፈጣን መልስ በሚፈልግበት ሁኔታ ላይ ስለሆነ ያለማቋረጥ ይመረጡ ነበር። ሞሽን ማቺንግ አማካዩን አያይም፤ ከሁሉ የቀረበውን አንዱን ፍሬም ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ጥቂት መጥፎ ፍሬሞች ብዙ ጥሩ ፍሬሞችን ያሸንፋሉ።

ሁለት ማስተካከያ አደረግን። አንደኛ፣ የተቆራረጡትን ክሊፖች ወደ መጀመሪያ ረጅም ቅጂያቸው መለስናቸው፤ ቅጂው ሳይቆረጥ ሲቀር እያንዳንዱ ፍሬም እውነተኛ ወደፊት ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ ከፍለጋ የሚወጡት የመጨረሻ ፍሬሞች ከሩቁ የመስመር ነጥብ ጋር እኩል እንዲሆኑ አደረግን፤

```
horizon = 60
for clip in clips:
    searchable[clip.start : clip.end - horizon] = True
```

እነዚያ 60 ፍሬሞች ከዳታቤዙ አልተሰረዙም፤ ክሊፑ እየተጫወተ እዚያ ከደረሰ ይታያሉ፣ ፍለጋ ግን ወደ እነሱ አይዘልም። በዚሁ አጋጣሚ ተዋናዩ በቅጂው መጀመሪያ እጆቹን ዘርግቶ የቆመባቸውንና ወደ መነሻ ቦታው እየተመለሰ የተራመደባቸውን ክፍሎችም አወጣን። የመጀመሪያዎቹ ባይወጡ ኖሮ ቆሞ ያለ ገጸ ባሕርይ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እጁን ሲዘረጋ ይታይ ነበር።

ትርፍ እርምጃዋ በዚያው ቀን ጠፋች። ነገር ግን በቦታዋ ሌላ ነገር ተተካ። ገጸ ባሕርዩ ወዲያው የመቆም ክሊፕ ቢይዝም፣ እየቆመ ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። ይህን ለመረዳት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጨዋታው ውስጥ ሁለት አካላት አሉ፤ አንዱ የማይታየው፣ ስቲኩን ተከትሎ በሒሳብ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ሲሆን ሌላው አኒሜሽኑን የሚጫወተው አካል ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ15 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይርቅ አስረነዋል። ሁለቱ ሲስማሙ ማንም አያውቅም፤ ሲጣሉ እግር ይንሸራተታል። ማሰሪያውን ፈትተን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናይ፣ የሒሳቡ ነጥብ 58 ሳንቲሜትር ላይ ሲቆም አኒሜሽኑ እስከ 1.4 ሜትር ሄዶ ነበር።

የሒሳቡ ነጥብ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በስፕሪንግ ቀመር ነው። ስፕሪንጉ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ የሚወስነው `halflife` የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ከሩጫ እስከ መቆም የሚሄደው ርቀትም ከዚህና ከመነሻ ፍጥነቱ `v0` ይወጣል፤

```
y = 2 * ln(2) / halflife
stop_distance = 2 * v0 / y
```

እኛ «ቶሎ እንዲታዘዝ» ብለን 0.10 ሰከንድ ሰጥተነው ነበር፤ በ4 ሜትር በሰከንድ ይህ 0.58 ሜትር ይሰጣል። በዳታው ውስጥ ተዋናዩ ከዚያው ፍጥነት ሲቆም የሄደውን ርቀት አንድ በአንድ ለክተን ያገኘነው አማካይ 1.4 ሜትር ነው። ማለትም በዳታቤዙ ውስጥ ማንም ሰው አድርጎት የማያውቀውን እንቅስቃሴ እንጠይቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን ፍለጋው «የለም» አይልም፤ ካለው ነገር ሁሉ የቀረበውን ይሰጣል። ሐሰተኞቹ ፍሬሞች ያንን ክፍተት ሞልተው ስለነበር ነው ችግሩ ሳይታይ የቆየው። አሁን ግን በእያንዳንዱ ዝላይ የተመረጠው ፍሬም ከጥያቄው ያለውን ልዩነት እየጻፍን ስለነበር፣ በመቆም ጊዜ ቁጥሩ በቀጥታ ሩጫ ጊዜ ካለው ብዙ እጥፍ ከፍ እንደሚል በግልጽ አየን። ዳታ የጎደለበትን ቦታ ለማወቅ ከዚህ ቁጥር የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ከቀመሩ ስንነሳ 1.4 ሜትር የሚሰጠው `halflife` 0.24 ነው። ስፕሪንጉን ወደዚያ ብናደርገው አኒሜሽኑና ሒሳቡ ይስማማሉ፤ ተጫዋቹ ግን ከባድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይቀራል። ሌላው መንገድ አጭር አቋቋም እንደገና መቅዳት ነው። ወደ ተዋናዩ ተመልሰን የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ስናሳየው፣ እኛ ያላሰብነውን ነገረን፦ «መሬቱ ላይ ምልክት አድርጋችሁልኝ ነበር እኮ። የት እንደምቆም ካወቅሁ እግሬ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይዘጋጃል።» ልክ ነበር። ምልክቱን ያደረግነው ከካሜራዎቹ እይታ እንዳይወጣ ነው፤ ያገኘነው ግን የታቀደ አቋቋም ነው። ተጫዋች ስቲክ ሲለቅ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ አስቀድሞ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀረጻ ምልክቶቹን አስወገድን። ተዋናዩ በነጻ እየሮጠ እያለ አንዳችን ሳይታሰብ እናጨበጭባለን፤ ጭብጨባውን ሲሰማ በቻለው ፍጥነት ይቆማል። አንዳንዴም ሳናጨበጭብ እናልፋለን፣ ምክንያቱም ተዋናዩ የጭብጨባውን ምት ከለመደ እንደገና መዘጋጀት ይጀምራል። በዚህ ሁኔታ ከሩጫ 24፣ ከፈጣን እርምጃ 24 አቋቋሞች ቀዳን። ከሩጫው የሄደው አማካይ ርቀት ወደ 1.05 ሜትር ወረደ። ስፕሪንጉን 0.18 ላይ ስናደርገው ሒሳቡ 1.04 ሜትር ስለሚሰጥ ሁለቱ ተገናኙ። የሒሳቡ ነጥብ ፍጥነት ከ0.3 ሜትር በሰከንድ በታች የሚወርደው ስቲኩ ከተለቀቀ ከ0.55 ሰከንድ በኋላ ነው፤ በ0.10 ግን ይህ 0.31 ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ወደ ኋላ ተመልሰናል። ተጫዋቾቹ ግን አዲሱን የበለጠ ታዛዥ ሆኖ አገኙት፤ ምክንያቱም አሁን ስቲኩ እንደተለቀቀ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬሞች ውስጥ የገጸ ባሕርዩ ትከሻ ወደ ኋላ ሲያጋድልና ተረከዙ መሬት ሲይዝ ይታያል። ዐይን የሚያየው መቆም የጀመረበትን ቅጽበት ነው እንጂ ያበቃበትን አይደለም።

አዲሶቹን ቅጂዎች ወደ ዳታቤዙ ከማስገባታችን በፊት አንድ ነገር ቆጠርን፤ ከሩጫ የተደረጉት 24 አቋቋሞች በየትኛው እግር እንደተጀመሩ። አሥራ ዘጠኙ በቀኝ እግር ነበሩ። ተዋናዩ ቀኝ እግሩን ማስቀደም ይቀናዋል፤ ያለ ጥርጥር ራሱም አላወቀውም። ይህ እንዳለ ቢገባ ስቲኩ በግራ እግር ላይ ሲለቀቅ ፍለጋው ቀኙ መሬት እስኪነካ ይጠብቅ ነበር፤ በሩጫ ይህ ወደ ሲሶ ሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ የግራና የቀኝ አጥንቶችን አገላብጠን የእያንዳንዱን ቅጂ የመስታወት ምስል ጨመርን። መገላበጥ ለአካሄድ በደንብ ይሠራል፤ ገጸ ባሕርዩ በአንድ እጁ መሣሪያ ወይም ዕቃ ከያዘ ግን አይሆንም፣ ዕቃው እጅ ይቀይራል።

ከዚያ በተቃራኒው በኩል የበዛውን ቀነስን። ቀጥታ መራመድ ከ12 ደቂቃ በላይ ነበር፤ በፊቸር ሲለካ ግን አንዱ ደቂቃ ከሌላው አይለይም። ተመሳሳይ ፍሬሞች ሲበዙ ፍለጋው ሁለት እኩል በሚሆኑ ቅጂዎች መካከል በየጥቂት ፍሬሙ ይመላለሳል፣ ገጸ ባሕርዩም በቀጥታ መንገድ ላይ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ከ12ቱ ደቂቃ ሦስቱን ብቻ አስቀረን። በቆሙ ፖዞች ላይም እንዲሁ አደረግን። በተጨማሪም ፍለጋው አዲስ ፍሬም የሚመርጠው አሁን ከሚጫወተው ቀጣይ ፍሬም በግልጽ ሲሻል ብቻ እንዲሆን ትንሽ ገደብ ጨመርን፤ ይህን ገደብ ከፍ ማድረግ ግን እንደገና አለመታዘዝን ስለሚያመጣ ከሚያስፈልገው በታች እንዲሆን ነው የመረጥነው።

በአሁኑ ጊዜ ዳታቤዙ ግልባጮቹን ጨምሮ 64 ደቂቃ ነው። ይህም 230,400 ፍሬም ሲሆን፣ 27 ቁጥር በ4 ባይት ሲባዛ ፊቸሮቹ ብቻ ወደ 25 ሜጋባይት ይይዛሉ። ለአንድ ገጸ ባሕርይ በየ10 ፍሬሙ ሙሉውን መፈለግ አያስቸግርም፤ በአንድ ጊዜ ለሚንቀሳቀሱ ብዙ ገጸ ባሕርያት ግን በዚህ መልኩ አይሆንም።

የልዩነቱን ቁጥር አሁንም በየቀኑ እናየዋለን። በሩጫ መቆም ላይ ወደ መደበኛው ወርዷል። ከፍ ብሎ የሚታየው ሁለት ቦታ ነው፤ ወደ ጎን እየሮጡ መቆምና ወደ ኋላ እየሄዱ በድንገት ወደፊት መዞር። ሁለቱንም ተዋናዩ ምልክት ባለበት ቀን ብቻ ነው የሠራቸው፤ የሚቀጥለው ቀረጻ የሚጀምረውም በእነሱ ነው።